የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ታይሞኩዊኖን እና የእናቴ ጣቶች፦ ላብራቶሪ የታየው ሰው ላይስ ታይቷል?

የሮቤዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ ሮቤ ነው የምትኖረው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት እንዳለባት ካወቅን አራት ዓመት ሆነን። በሳምንት አንድ ቀን ሜቶትሬክሴት ትወስዳለች። መጀመሪያ ላይ በጣም ተሽሏት ነበር። አሁን ግን ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አንድ ሰዓት ያህል አይታዘዙላትም፤ ሲኒ የምትይዘው በሁለት እጇ ነው። ክኒኑን በወሰደች ማግስት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያቅለሸልሻታል፤ ስለዚህ ጠልታዋለች።

ጅዳ ያለው ወንድሜ ባለፈው ወር የጥቁር አዝሙድ ዘይት ላከላት። ከዘይቱ ጋር አንድ ጽሑፍ በስልክ ልኳል። ውስጡ ታይሞኩዊኖን የሚባል ነገር አለ፣ እሱ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የሚባለውን የብግነት ማብሪያ ይዘጋል፣ ቲኤንኤፍ የሚባለውን ብግነት የሚያባብስ ፕሮቲን ይቀንሳል ይላል። ሐኪሙ ደግሞ ቲኤንኤፍን የሚያግዱ መርፌዎች እንዳሉና ዋጋቸው እንደማይቀመስ ነግሮን ያውቃል። እናቴ ሁለቱን ገጣጠመችና "ታዲያ ይኸው ከሆነ ክኒኑን ምን አስዋጠኝ?" አለች።

አንዳንድ ጥናቶችን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ግማሹ አይጥ ነው፣ ግማሹ ሴል ነው። ጥቁር አዝሙድ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ እያልኩ አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ የታየው በትክክል ምንድነው? ሰው ላይስ የታየው እስከ የት ድረስ ነው? የሚያውቅ ካለ በአማርኛ ያስረዳኝ።

---

ጸጉሬን_መልሱልኝ

እህቴ እኔም ይህን ዘይት እጠቀማለሁ። ሌሊት ተቀብቼ አድራለሁ። ግንባሬ ላይ ትንሽ በቅሏል፤ ግን ትራሱን ቢጫ አድርጎ ጨረሰው። የጅዳው ነው የሚሻለው ወይስ የመርካቶው?

---

የሮቤዋ

@ጸጉሬን_መልሱልኝ የኔ ጥያቄ ስለ መገጣጠሚያ ነው፤ እናቴ ጸጉሯ ደህና ነው 😄

---

እውነቱ_ይውጣ

ይሄ ነገር ተጠንቶ ያለቀለት ነው። ታይሞኩዊኖን ኃይለኛ አንቲኦክሲዳንት ነው። ብግነት ማለት ፍሪ ራዲካል በዝቶ ሰውነትን ሲበላ ነው፤ እሱ ደግሞ እየሄደ ይጠርገዋል። አለቀ። ግብፅ ውስጥ የሩማቶይድ ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ ሠርቷል፤ ባዶ ክኒን ሲሰጣቸው ለውጥ የለም፣ ዘይቱ ሲሰጣቸው ወረደ። የመድኃኒት ፋብሪካዎች ስለማያተርፉበት ነው የማይወራው። እናትሽ መጠኑን ከፍ አድርጋ ትውሰድ፤ በአንድ ማንኪያ ምንም አይመጣም።

---

ፒፔት

የሮቤዋ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ፋርማኮሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ታይሞኩዊኖንን በእጄ መዝኜ፣ አሟሙቼ፣ ሴል ላይ አፍስሼ አውቃለሁ። ቢጫ ክሪስታል ነው፤ ጠርሙሱን ስትከፍቺው ክፍሉን ሙሉ ያሸታል። ከዘሩ ለብቻው ተለይቶ የወጣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ያወጣውም ግብፃዊ ተመራማሪ ነው።

መጀመሪያ @እውነቱ_ይውጣ "እየሄደ ይጠርገዋል" ያልከው ግማሹ ልክ ነው። የሚገርመው ግን ሌላው ግማሽ ነው። ታይሞኩዊኖን ዋና ሥራውን የሚሠራው ቆሻሻ እየጠረገ ሳይሆን እየነከሰ ነው። ኩዊኖኖች በባህሪያቸው ሰልፈር ያለበት ቦታ ሲያገኙ ይጣበቃሉ። ፕሮቲኖች ላይ ሰልፈር ያለው ሲስቴይን የሚባለው ላይ ነው። ሴል ውስጥ ደግሞ ሁለት ወሳኝ ቦታዎች ላይ እንዲህ ያለ ሲስቴይን ተቀምጧል።

አንደኛው ራሱ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ላይ ነው። ይህ ፕሮቲን በሰላሙ ጊዜ ከኒውክለሱ ውጭ ታስሮ ይቀመጣል፤ አንድ ጠባቂ ፕሮቲን አንገቱን ይዞታል። የብግነት ምልክት ሲመጣ ጠባቂው ይገደላል፤ እስረኛው ተለቅቆ ኒውክለስ ውስጥ ይገባና የብግነት ጂኖችን ያበራል። ቲኤንኤፍ ራሱ ከእነዚያ አንዱ ነው። በ2008 የወጣ አንድ ሥራ ላይ በሰው የደም ካንሰር ሴሎች ሲሞከር፣ ታይሞኩዊኖን ጠባቂው እንዳይገደል አደረገ፤ በዚያ ላይ ከእስረኛው አንዱ ክፍል ዲኤንኤ ላይ እንዳይጣበቅ ከለከለው። ቦታውንም ለይተውታል፤ 38ኛው ሲስቴይን ነው። ያንን ሲስቴይን በሌላ አሚኖ አሲድ ሲተኩት ታይሞኩዊኖኑ አልሠራም። ሰልፈሩን የሚያስለቅቅ ኬሚካል ሲጨምሩም ውጤቱ ተቀለበሰ። ንክሻው ግምት ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ኬፕ1 የሚባለው ላይ ነው። እሱ ደግሞ ኤንአርኤፍ2 የሚባለውን የመከላከያ አዛዥ ይዞ ያስቀምጣል። ሲነከስ ይለቀዋል። አዛዡ ኒውክለስ ገብቶ የሴሉን የራሱን መከላከያ ኢንዛይሞች ያስመርታል፤ ግሉታታዮን የሚባለው የቤት ውስጥ አንቲኦክሲዳንትም ይጨምራል። ስለዚህ ኦክሲዴቲቭ ስትረሱን፣ ማለትም ፍሪ ራዲካል በዝቶ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ የሚቀንሰው በዋናነት ሴሉ ራሱ ነው፤ ታይሞኩዊኖን "ሌባ መጣ" ብሎ የሚጮኸው ነው።

"መጠኑን ከፍ አድርጊ" የሚለው ምክር የማይሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ንክሻው ትንሽ ሲሆን ማንቂያ ነው። ሲበዛ ግሉታታዮኑን ራሱን ያሟጥጠዋል፣ ከዚያ ታይሞኩዊኖኑ ራሱ ፍሪ ራዲካል ማመንጨት ይጀምራል። የአንጀት ካንሰር ሴሎችን ገደለ የሚሉ ጥናቶች ውስጥ የገደለበት መንገድ በትክክል ይኸው ነው፤ አንቲኦክሲዳንት ስታስቀድምላቸው ሴሎቹ ይተርፋሉ። ያው ሞለኪውል ነው፤ መጠኑ ነው የተለየው።

---

ጋሽ_ስኳር

ልጆች እኔ የራሴን ልናገር። ስኳር ካለብኝ 11 ዓመት ሆኖኛል። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ እወስዳለሁ። ባለቤቴ ጥቁር አዝሙድ ፈጭታ በማር ትሰጠኝ ጀመር። ስኳሬ ጠዋት ጠዋት 180 የነበረው ወደ 130 ወረደ። ደስ ብሎን መጠኑን ጨመርን። አንድ ሌሊት ግን ላብ በላብ ሆኜ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ነቃሁ፤ ባለቤቴ ለካችኝ፣ 52 ነው። ሻይ በስኳር ጠጥቼ ነው የተረፍኩት። ከዚያ ወዲህ ፈርቻለሁ። በርግጥ በዚያው ሰሞን እራትም ቀንሼ ነበር።

---

የሌሊት_ፈረቃ

ጋሼ፣ እንኳን ተረፉ። ነርስ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቻለሁ። ግሊቤንክላማይድ ለብቻውም ሌሊት ስኳር ይጥላል፤ እራት ሲቀነስ ደግሞ ይብሳል። አዝሙዱ ጨምሮበት ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ከሁለት አንዱን ለይቶ መናገር አይቻልም። ግን ለሐኪምዎ ነግረዋል? ሰው የባህል ነገር ሲጠየቅ "ምንም አልወስድም" ነው የሚለው።

የሮቤዋ፣ ላንቺም ያው ነው። እናትሽ ሜቶትሬክሴቱን በራሷ እንዳታቆም። ስታቆም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም ላይሰማት ይችላል፣ እንዲያውም ማቅለሽለሹ ስለሚጠፋ የዳነች ይመስላታል፤ ከዚያ በኋላ መገጣጠሚያዋ ያብጣል። በብግነት የተበላ አጥንት ደግሞ ተመልሶ አይሞላም። ለማቅለሽለሹ መፍትሔ አለው። ሐኪሟ የፎሊክ አሲዱን መጠን ሊያስተካክል ይችላል፣ ክኒኑን ማታ እንድትወስድ ሊያደርግ ይችላል፣ ወደ መርፌም ሊቀይረው ይችላል።

---

የሮቤዋ

@የሌሊት_ፈረቃ እግዜር ይስጥሽ። ፎሊክ አሲድ ትወስዳለች፤ ግን ማታ መውሰድ እንደሚቻል ማንም አልነገረንም።

@ፒፔት ገባኝ መሰለኝ። ግን እንግዲያው ሴል ላይ ይህን ያህል ከሠራ፣ ሰው ላይ የማይሠራበት ምክንያት ምንድነው? ሴሉ የሰው ሴል አይደለም እንዴ?

---

ፒፔት

ሴሉ የሰው ነው፤ መንገዱ ግን የሰው አይደለም። እኔ ሳህን ላይ ስሠራ ታይሞኩዊኖኑን ቀጥታ ሴሉ ላይ ነው የማፈስሰው። እናትሽ ስትውጠው ግን አንጀት አለ፣ ጉበት አለ። ጉበት ወዲያው ይቀይረዋል። ደም ውስጥ የገባውም አብዛኛው አልቡሚን ላይ ይጣበቃል፤ አልቡሚን ላይም ሲስቴይን አለ። ያ የነካሽነት ባህሪው መንገድ ላይ ይጎዳዋል። ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ መገጣጠሚያ ጋ ሲደርስ ስንት ይተርፈዋል? የዘይት ጥናቶቹ ደግሞ ይህን አይለኩም፤ ታካሚው ደም ውስጥ ስንት ታይሞኩዊኖን እንዳለ ሳይለኩ ነው ውጤቱን የሚጽፉት።

አሁን አብረን እናስላ፤ እስክሪብቶ ያዢ።

አይጥ ላይ የብግነት ሙከራ ሲሠራ የተለመደው መጠን በኪሎ 10 ሚሊግራም አካባቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም በአፍ ሳይሆን ሆድ ውስጥ በመርፌ። የአይጥን መጠን ወደ ሰው ስንቀይር በ6.2 ገደማ እናካፍላለን፤ ትልቅ አካል በኪሎ ሲታይ ቀስ ብሎ ነው የሚያቃጥለው። ስለዚህ በኪሎ 1.6 ሚሊግራም ይሆናል። እናትሽ 60 ኪሎ ናት እንበል፤ ወደ 97 ሚሊግራም ይመጣል።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንሂድ። በ1995 ለንደን ውስጥ የተሠራ አንድ የታወቀ ጥናት የመረመረው ዘይት ውስጥ የነበረው ታይሞኩዊኖን 0.2 ከመቶ አካባቢ ነበር። ያን ብንይዝ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊሊትር፣ 10 ሚሊግራም ይይዛል። አይጧ ያገኘችውን ለማግኘት እናትሽ በቀን ወደ አስር ማንኪያ ዘይት መጠጣት አለባት። እንዳታደርጊው፤ ሒሳቡን ለማሳየት ነው።

---

አቶ_ጭማቂ

እዚህ ላይ እኔ ልግባ። ዘይት መጭመቂያ አለኝ፤ ጥቁር አዝሙድ ከባሌም ከጎንደርም እናስመጣለን። 0.2 የሚለው ዝቅ አላለም? ከውጭ የሚመጡ ጠርሙሶች ላይ 1፣ 2፣ 3 ከመቶ የሚል ተጽፎ አያለሁ።

ከእኔ ልምድ ዘይቱ እጅግ ይለያያል። ማሽኑ ሲግል ዘይት ብዙ ይወጣል፤ ሽታው ግን አብሮ ይበራል። ቀስ ብለህ ስትጨምቅ ጥቂት ይወጣል፣ ግን ጉሮሮ የሚያቃጥል ነው። አንዳንዱ ዘሩን ቆልቶ ይጨምቃል፤ ጥቁር ሆኖ ያምራል፣ ሽታው ግን እንደ ቆሎ ነው። ሌላው ደግሞ በሱፍ ዘይት ይደባልቃል። ነጭ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ፀሐይ ላይ የሚደረድር ነጋዴም አለ። ገዢው የሚያየው ቀለሙን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ አዝሙድ ሲባል ሰው ይምታታበታል። ነጭ አዝሙድ ሌላ ተክል ነው። እሱ ውስጥ ያለው ቲሞል ነው፤ ስሙ ስለሚመሳሰል "ታይሞኩዊኖን ያለው ነጭ አዝሙድ ስጠኝ" ብሎ የመጣ ሰው አጋጥሞኛል።

---

ፒፔት

@አቶ_ጭማቂ ልክ ነህ፤ ሰፊ ልዩነት አለ፤ ከ1 ከመቶ በላይ ያላቸውም አሉ። 0.2ን የያዝኩት ያ ጥናት አንድ የሚያስገርም ነገር ስላገኘ ነው። የአይጥ ነጭ የደም ሴሎች ላይ ሁለቱንም ሞከሩ፤ ንጹሑን ታይሞኩዊኖንም ሙሉ ዘይቱንም። ሁለቱም የብግነት ቅባቶች እንዳይመረቱ አደረጉ። ግን ዘይቱ በውስጡ ካለው ታይሞኩዊኖን ከሚጠበቀው በላይ ሠራ። ስለዚህ ሌላ የሚሠራ ነገር አለ ማለት ነው፤ እነሱ የጠረጠሩት አንድ ያልተለመደ የስብ አሲድ ነበር።

ይህ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ዘይቱን "ታይሞኩዊኖን ስላለው" ብሎ መሸጥ ጎደሎ ነው። ሁለተኛ፣ የኔ የአስር ማንኪያ ሒሳብም ጎደሎ ነው ማለት ነው፤ ዘይቱ በሌላ መንገድ ሊሠራ ይችላል። ይህን አልደብቅም።

ስለ ብርሃን ያልከው ደግሞ ወርቅ ነው። ታይሞኩዊኖን ብርሃን ላይ ይበላሻል፤ ሁለት ሁለት እየሆነ ይጣበቃል። እኛ ጋ ጠርሙሱን በፎይል ጠቅልለን ነው የምናስቀምጠው።

---

እውነቱ_ይውጣ

እሺ አይጡን ተወው። የግብፁን ጥናት ግን አልመለስክልኝም። ሰው ላይ ነው የተሠራው፣ ሩማቶይድ ላይ ነው፣ ባዶ እንክብል ነበረው፣ ሠርቷል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?

---

ፒፔት

አልረሳሁትም፤ ሰው ላይ የተሠራ ስለሆነ ለብቻው ላየው ፈልጌ ነው።

በ2012 የወጣ ነው። 40 ሴቶች፣ ሁሉም ሩማቶይድ ያለባቸው። መጀመሪያ አንድ ወር ባዶ እንክብል ወሰዱ። ቀጥሎ አንድ ወር 500 ሚሊግራም ዘይት በቀን ሁለቴ ወሰዱ። የለኩት ዳስ-28 በሚባለው ነው፤ ሐኪሙ 28 መገጣጠሚያ እየነካ ያበጠውንና የሚያመውን ይቆጥራል፣ የደም ምርመራና የታካሚዋን የራሷን ስሜት ይጨምርበታል፣ አንድ ቁጥር ይወጣል። መጀመሪያ 4.98 ነበር። ከባዶው በኋላ 4.99። ከዘይቱ በኋላ 4.55።

አንተ ያየኸው ወረደ የሚለውን ነው፤ አዎ፣ ወርዷል። አሁን ወደ ዝርዝሩ። የወረደው 0.43 ገደማ ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር አንድን ታካሚ "መድኃኒቱ ሠርቶላታል" ለማለት የሚጠይቀው ዝቅተኛው ከ0.6 በላይ መውረድን ነው፤ "በደንብ ሠራ" ለማለት ደግሞ ከ1.2 በላይ። 0.43 በዚያ መለኪያ ምላሽ አይባልም።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ። ሁሉም ባዶውን ያገኙት መጀመሪያ ነው፣ ዘይቱን ያገኙት ኋላ ነው። ዘይቱን ያልወሰደ፣ ሁለተኛውንም ወር ባዶውን ይዞ የቀጠለ ሌላ ቡድን የለም። በሁለተኛው ወር ሌላ ነገር ተቀይሮ ቢሆን፣ የአየሩ ሁኔታም ይሁን ሌላ፣ መለየት አይቻልም። በዚያ ላይ ይህ ዘይት ያስገሳል፤ ስትገሳ የአዝሙድ ሽታ ይመጣል። እውነተኛው የቱ እንደሆነ መገመት ለማንም አያቅትም። ከዳስ-28 ውስጥ አንዱ ክፍል ደግሞ የታካሚዋ ስሜት ነው።

---

የሌሊት_ፈረቃ

ፒፔት፣ አንድ ቦታ ላይ ግን አልስማማም። 0.6 ለአንድ ሰው የተቀመጠ መለኪያ ነው፤ 0.43 ደግሞ የ40 ሰው አማካይ ነው። ከ40ዎቹ አሥሩ ብዙ ወርደው፣ ሠላሳዎቹ ምንም ሳይወርዱም ያ ቁጥር ሊመጣ ይችላል። አሥሩ ውስጥ እናቷ ብትኖርስ?

---

ፒፔት

ልክ ነሽ፤ መለኪያውን ያለቦታው ተጠቅሜበታለሁ። አማካዩ ብቻውን ያንን አይነግረንም። የሚነግረን ቢኖር ታካሚዎቹ በዕጣ ለዘይትና ለባዶ እንክብል የተከፈሉበት ትልቅ ጥናት ነው፤ እያንዳንዷ ምን ያህል እንደተለወጠች የሚያሳይ። የቅደም ተከተሉ ችግር ግን አሁንም እንዳለ ነው።

በዕጣ የተከፈለም አለ፤ ኢራን ውስጥ፣ በ2016 የወጣ። ወደ 40 የሚሆኑ የሩማቶይድ ታካሚዎች፣ በቀን 1 ግራም ዘይት ወይም ባዶ እንክብል፣ ለ8 ሳምንት። ማን ምን እንደወሰደ ሐኪሙም ታካሚውም አላወቁም። ይኼኛው ከላይ ካወራነው ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ የለኩት የብግነትና የኦክሲዴቲቭ ስትረስ ምልክቶችን ነው።

ውጤቱን በትኩረት አንብቡልኝ። ብግነትን የሚያበርደው ኢንተርሉኪን-10 ጨመረ። ኤምዲኤ የሚባለው፣ ፍሪ ራዲካል ስብን ሲያበላሽ የሚተርፈው ስብርባሪ፣ ቀነሰ። ናይትሪክ ኦክሳይድም ቀነሰ። ግን ቲኤንኤፍ አልተንቀሳቀሰም። መከላከያ ኢንዛይሞቹም፣ ማለትም ኤስኦዲና ካታሌዝ፣ አልተንቀሳቀሱም። የደሙ ጠቅላላ አንቲኦክሲዳንት አቅምም ያው ነው።

የሮቤዋ፣ ይህ ለወንድምሽ ጽሑፍ ቀጥተኛ መልስ ነው። ሳህን ላይ ያየነው ታሪክ "ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ይዘጋል፣ ቲኤንኤፍ ይወርዳል፣ ኤንአርኤፍ2 ይለቀቃል፣ ኢንዛይሞች ይበዛሉ" የሚል ነበር። ሰው ላይ በዚያ መጠን ሲሞከር ቲኤንኤፉም ኢንዛይሞቹም አልተለወጡም። የተንቀሳቀሱት ሌሎቹ ናቸው። ስለዚህ ዘይቱ አንድ ነገር አድርጓል፤ ጽሑፉ በሚለው መንገድ ማድረጉ ግን አልታየም። ቲኤንኤፍ የሚያግደው መርፌና ይህ ማንኪያ "ያው" አይደሉም።

---

ሀረር_በር

ይቅርታ፣ አንድ ነገር። እኛ ቤት ጥቁር አዝሙድን ሐበተ ሰውዳ ነው የምንለው፤ ከሞት በቀር ለሁሉም መድኃኒት ነው ተብሎ በሐዲስ የመጣ ነው። እናንተ በቁጥር ስታሳንሱት ትንሽ ቅር አለኝ። አያቴ በጨርቅ ቋጥራ ስታሸተን ነው ያደግነው፤ ጉንፋኑ ይለቅ ነበር።

---

የሮቤዋ

ወንድሜ፣ እኛም ሙስሊም ነን፤ እናቴ ዘይቱን የምትወደው ለዚሁ ነው። ለእሷ ዘይቱን ተዪ ማለት አልችልም፣ አልፈልግምም። ክኒኑን እንዳትተው ነው የምፈልገው። መታከምም ታዟል እኮ።

---

ሀረር_በር

እሱስ እውነት ነው። ዱዓችን ከእናትሽ ጋር ነው።

---

ዘጠነኛ_ፎቅ

ለምን ንጹሑን ታይሞኩዊኖን በክኒን አይሠሩትም? ከዘይት ጋር ምን አታገላቸው?

---

ፒፔት

ተሰጥቶ ያውቃል። ሳዑዲ ውስጥ በ2009 የወጣ አንድ ጥናት ካንሰራቸው ለሕክምና አልበገር ላላቸው 21 ሕመምተኞች ንጹሑን ሰጠ፤ ከ75 ሚሊግራም ጀምሮ እስከ 2600 ሚሊግራም በቀን። ጉልህ የጎንዮሽ ጉዳት አልታየም። ካንሰሩ ላይም ምንም ለውጥ አልታየም። በአማካይ የወሰዱት ከአራት ሳምንት በታች ነው። ስለዚህ "ለአጭር ጊዜ ይቻላል" የሚለውን ይነግረናል፤ ስለ መገጣጠሚያ ብግነት ግን አንድም ቃል አይነግረንም። ሰው ላይ የተሠሩት የብግነት ጥናቶች አብዛኞቹ ዘይት ወይም የተፈጨ ዘር ናቸው፤ ሳህን ላይ የተሠሩት ደግሞ አብዛኞቹ ንጹሕ ታይሞኩዊኖን ናቸው። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው እንደ አንድ የምናወራው።

@ጋሽ_ስኳር መጠን ጨመርን ላሉት፣ እዚያው ሳዑዲ 94 የስኳር ታካሚዎች ላይ ዘሩን በቀን 1፣ 2 እና 3 ግራም አድርገው ሞክረው ነበር። 2 ግራሙ ስኳሩን አወረደ፤ 3 ግራሙ ከዚያ በላይ የጨመረው ጥቅም አልነበረም። ባዶ እንክብል የወሰደ ቡድን ግን አልነበራቸውም።

---

እውነቱ_ይውጣ

እሺ ቢያንስ ጉዳት የለውም። ምግብ ነው። በርበሬ ውስጥ ስንበላው ነው የኖርነው። ብትወስድ ምን ትሆናለች?

---

የሌሊት_ፈረቃ

በርበሬ ውስጥ ያለው ቁንጥር ነው። በየቀኑ ዘይቱን በማንኪያ መጠጣት ሌላ ነው። ቱርክ ውስጥ የስኳር ሕመም ያለባት ሴት የጥቁር አዝሙድ ክኒን በቀን ከ2 ግራም በላይ ለ6 ቀን ወስዳ ኩላሊቷ ሥራ አቁሞ እጥበት እንዳስፈለጋት ተጽፏል። የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ዘሩ ነው ያደረሰው ብሎ መማል አይቻልም። ግን ሜቶትሬክሴት ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ ይጠራቀማል፤ አፍ ይቆስላል፣ የደም ሴል ይወርዳል። ስለዚህ እናቷ ዘይቱን ከቀጠለች የጉበትና የኩላሊት ምርመራዋን እንዳታሳልፍ ነው የምለው። አፏ ውስጥ ቁስል ካየች ወይም ትኩሳት ካለ ቀን ሳታሳድር ትሂድ።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለም ይጠይቅ። እርጉዝ የሆነች ደግሞ በማንኪያ ባትጀምር ይሻላል።

---

ጸጉሬን_መልሱልኝ

ቆዳ ላይስ? ትናንት ከጆሮዬ ጀርባ ቀልቶ ያሳክከኝ ጀምሯል።

---

የሌሊት_ፈረቃ

አቁሚው! አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ዘይት ቆዳቸው የተቆጣ ሰዎች በሕክምና መጽሔት ተጽፈዋል። ውሃ ከቋጠረ ሐኪም ጋ ሂጂ።

---

የሮቤዋ

ዛሬ ሐኪሟ ጋ ወሰድኳት። ጠርሙሱንም ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ ጠርሙሱን አገላብጦ አየውና "ስንት ማንኪያ?" አላት። "አንድ፣ ጠዋት፣ በማር" አለች። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትወስድ ነበር፤ ለኔ አልነገረችኝም! ከዚያ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሜቶትሬክሴት ዘልላለች። እዚያው ነው ያመነችው።

የግራ እጇ ሁለት አንጓዎች አብጠዋል። ባለፈው ጊዜ አላበጡም ነበር። ከክኒኑ መዝለል ነው ከሌላ፣ ሐኪሙም አልወሰነም። ክኒኑን ማታ አድርጎላታል፣ ፎሊክ አሲዱን ጨምሯል፣ ደም አስወስዷል። ዘይቱን በስድስት ሳምንት ቀጠሮዋ እስክትመለስ አቁሚው አላት፤ "ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየርኩ የቱ እንደሠራ በምን አውቃለሁ?" አለ። ፒፔት ያለውን ነው ያለው።

እናቴ መንገድ ላይ አኩርፋ ነበር። ቤት ስንገባ ጠርሙሱን ቁምሳጥን ውስጥ በነጠላ ጠቅልላ አስቀመጠችው። "ብርሃን አይንካው ብለሽ የለ?" አለችኝ።

---

አቶ_ጭማቂ

@ፒፔት ከአንድ ጆንያ ዘር በሦስት መንገድ የተጨመቀ ዘይት ባዘጋጅ፣ አንዱ ቀዝቃዛ፣ አንዱ በጋለ ማሽን፣ አንዱ ተቆልቶ፣ ታይሞኩዊኖኑን ትለካልኛለህ? ደንበኞቼ ሲጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም።

---

ፒፔት

እለካለሁ። ከእያንዳንዱ 20 ሚሊሊትር ይበቃል። ቡናማ ጠርሙስ፣ እስከ አፉ የተሞላ፣ የተጨመቀበት ቀን ተጽፎበት። በፎይል ጠቅልለው።